ስቲከሩ ላይ ካለው የቁጥር መዓት የዋይፋዩ ፓስወርድ የቱ ነው?

ጥያቄ፦ «ወንድሜ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ በቅርቡ ገባሁ። ቤቱ ፋይበር አለው፤ ግድግዳው ላይ ነጭ የሁዋዌ ራውተር ተሰቅሏል። አከራዬ ‹ፓስወርዱ ከኋላ ስቲከሩ ላይ አለልሽ› ብለውኝ ወደ ውጭ አገር ሄዱ። ስቲከሩ ላይ ግን የሌለ ቁጥር የለም። ‹ፓስወርድ› የሚለውን ሳስገባ ስልኬ ‹ኮኔክት› የሚለውን እንኳ አያበራልኝም። ሌላውን ስሞክር ደግሞ ‹ፓስወርዱ ልክ አይደለም› ይለኛል። ቀዳዳው ውስጥ ያለችውን ሪሴት በመርፌ ብጫናትስ?»

መልስ፦

እህቴ፣ ሪሴቷን ለጊዜው እርሻት። የመጨረሻ አማራጭ ናት፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግርሻለሁ።

ከጻፍሽው ውስጥ ሁለት ጥሩ ፍንጭ አገኘሁ። አንደኛው፣ ስልክሽ «ኮኔክት» የሚለውን አለማብራቱ ነው። ሁለተኛው፣ ሌላውን ስትሞክሪ «ልክ አይደለም» ማለቱ ነው። አንድ ችግር ይመስላሉ፤ ግን አይደሉም። በመጀመሪያው ላይ ስልክሽ ያስገባሽውን ለራውተሩ አልላከውም። በሁለተኛው ላይ ልኮታል፤ ራውተሩ ነው እምቢ ያለው። ያ ራውተር ደግሞ ያንቺ ላይሆን ይችላል።

ከመጀመሪያው እንነሳ።

የቤት ዋይፋይ ፓስወርድ ከ8 ፊደል ማነስ አይችልም። ቢበዛ 63 ይደርሳል፤ ከ8 በታች ግን የለም። ይህ የአንድ ኩባንያ ደንብ አይደለም፤ የዋይፋይ አሠራሩ ራሱ የሚያዘው ነው። ስልክሽም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ስምንተኛዋን ፊደል እስክትጽፊ ድረስ ቁልፉን ደብዛዛ አድርጎ ይጠብቅሻል። ያንቺ ካልበራ ያስገባሽው አጭር ነበር ማለት ነው። አጭር ከሆነ ደግሞ የዋይፋይ ፓስወርድ አልነበረም።

ታዲያ ስቲከሩ ላይ «ፓስወርድ» ተብሎ የተጻፈው የምን ነው? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ራውተር ሁለት በር አለው። በአንደኛው ስልክሽ ኢንተርኔት ለማግኘት ይገባል። በሌላው ባለሙያ ሴቲንግ ለመቀየር ይገባል። ለየበሩ የራሱ ስምና የራሱ ፓስወርድ አለው፤ ፋብሪካው ሁለቱንም ጥንድ በአንድ ስቲከር ላይ አጠጋግቶ ያትማቸዋል። ክፋቱ፣ «ፓስወርድ» የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የሴቲንጉ በር ነው። አንቺ የምትፈልጊው ሌላ ስም ተሰጥቶት ከላይ ወይም ከታች ተቀምጧል።

በምሳሌ ይታይ። ይህን ከማንም ቤት አልገለበጥኩትም፤ ስቲከሩ ምን እንደሚመስል እንድታይ ራሴ ያዘጋጀሁት ነው፦

```
Wi-Fi Name:  HUAWEI-2.4G-a7Kd
Wi-Fi Name:  HUAWEI-5G-a7Kd
Wi-Fi Key:   Rt5B8Sz0
IP:          192.168.100.1
User Name:   root
Password:    adminHW
S/N:         48575443A1B2C3D4
MAC:         A4B1C2D3E4F5
```

አንቺን የሚመለከቱሽ የላይኞቹ ሦስት መስመሮች ብቻ ናቸው። ሁለቱ የኔትወርኩ ስሞች ናቸው። ሦስተኛው፣ `Key` የሚለው፣ የዋይፋዩ ፓስወርድ ነው። ከታች `User Name` ከሚለው ጋር የተጣመረው `Password` የሴቲንጉ በር ነው። `adminHW` የሚለውን ቁጠሪው፤ 7 ፊደል ነው። ስልክሽ ላይ ብትጽፊው «ኮኔክት» አይበራም። ያንቺም ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ዘዴ ያዢ። «ፓስወርድ» የሚል መስመር ስታገኚ ጎረቤቱን እዪ። ከአጠገቡ `User Name` ወይም `192.168` የሚል ካለ የሴቲንግ ነው። ከአጠገቡ `SSID`፣ `WLAN` ወይም `Wi-Fi` የሚል ካለ ያንቺ ነው።

አጠራሩ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል። የኔትወርኩን ስም አንዱ `SSID`፣ ሌላው `WLAN Name`፣ ሌላው `Wi-Fi Name` ይለዋል። ሦስቱም አንድ ናቸው። ፓስወርዱን ደግሞ `WLAN Key`፣ `WPA Key`፣ `WPA-PSK` ወይም `Wireless Password` ሊለው ይችላል። `Key` የሚል ቃል ካየሽ አትለፊው። የቲፒ ሊንክ የቆዩ ራውተሮች ላይ ደግሞ `Wireless Password/PIN` የሚል 8 አሃዝ ታገኛለሽ፤ እዚያ ላይ ፒኑ ራሱ ፓስወርዱ ነው። ሌሎች ላይ ግን `WPS PIN` የተባለው ሌላ ነገር ነው። እሱም 8 አሃዝ ስለሆነ ስልክሽ ይቀበለውና በኋላ «ልክ አይደለም» ይልሻል።

ቀሪዎቹን ረጃጅም ቁጥሮች ከወዲሁ እናስወጣቸው። `S/N` የመሣሪያው መለያ ቁጥር ነው። ሁዋዌ ፋይበር ራውተር ላይ ብዙ ጊዜ በ`48575443` ይጀምራል፤ ይህን ካየሽ ፓስወርድ አይደለም። `MAC` ደግሞ 12 ምልክት ነው፤ ከ0 እስከ 9 እና ከA እስከ F ካሉት ውጭ ምንም አይገባበትም። ሁለቱም ከ8 ስለሚበልጡ ስልክሽ ላይ «ኮኔክት» ያበራሉ። ሰው በዚህ ይታለላል። ቁልፉ ስለበራ ትክክለኛውን ያገኘ ይመስለዋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ፍንጭ። «ሌላውን ስሞክር» ያልሽው ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ ከነበረ መልሱ እዚሁ አለቀ። `Key` የሚለውን አስገብተሽ ከሆነ ግን እምቢ ያለሽ፣ ቀጥሎ የምጠይቅሽ አለ፦ የትኛው ኔትወርክ ላይ ነው ያስገባሽው?

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። የስልክሽን የዋይፋይ ዝርዝር ክፈቺ። ብሎኩ ውስጥ ፋይበር ያስገባው ሁሉ ተመሳሳይ ራውተር ሊኖረው ይችላል። ብዙ ሰው ደግሞ ስሙን አይቀይረውም። ስለዚህ `HUAWEI-2.4G` ብሎ የሚጀምር ስም ከላይ፣ ከታች፣ ከጎንም ይመጣል። ልዩነቱ መጨረሻ ላይ ያሉት 4 ምልክቶች ናቸው። ስልክሽ ዝርዝሩን ሲያሳይሽ ረጅሙን ስም ቆርጦ በነጥብ ከጨረሰው ደግሞ እነሱን እንኳ አታያቸውም። ትክክለኛውን ፓስወርድ ይዘሽ የጎረቤትሽን በር ስትነቀንቂ ትውያለሽ።

የራስሽን ለመለየት ስቲከሩ ላይ ያሉትን የመጨረሻ 4 ምልክቶች ከስልኩ ዝርዝር ጋር አስተያዪ። ትልቅና ትንሽ ፊደል ሳይቀር መግጠም አለበት፤ `a7Kd` እና `A7kd` ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ካልተማመንሽ ራውተሩን ከሶኬት ንቀዪው። ዋይፋዩን ከስልክሽ ላይ አጥፍተሽ እንደገና አብሪና ዝርዝሩ ሲታደስ ጠብቂ። የጠፋው ስም ያንቺ ነው። መልሰሽ ሰኪው፤ ከደቂቃ ሁለት ደቂቃ በኋላ ያው ስም መመለስ አለበት። ይህን ሙከራ ሰፈሩ መብራት እያለው አድርጊው። መብራት ከሄደ የሁሉም ይጠፋና ምንም አታውቂበትም።

ሁለቱ ስሞችም ግር እንዳይሉሽ። ብዙ አዳዲስ ራውተሮች በሁለት ሞገድ ነው የሚያሰራጩት፤ አንዱ 2.4 ጊጋኸርትዝ፣ ሌላው 5 ጊጋኸርትዝ ነው። ስሙ ላይ `5G` ሲል የሞባይሉን ፋይቭ ጂ ማለቱ አይደለም። ፋብሪካው ለሁለቱም ብዙ ጊዜ አንድ ፓስወርድ ይሰጣቸዋል፤ ስቲከሩ ላይ አንድ `Key` ብቻ ካለ ለሁለቱም ነው። ቆየት ያለ ስልክ ባለ 5ቱን ጭራሽ ላያየው ይችላል። ግድግዳ ሲበዛም ባለ 5ቱ ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ መጀመሪያ ባለ 2.4ቱን ሞክሪ። መኝታ ቤት ሆነሽም ይይዝልሻል።

ስሙ ገጥሞ፣ መስመሩም `Key` የሚለው ሆኖ፣ አሁንም እምቢ ካለሽ ወደ ንባቡ እንመለስ። የስቲከር ጽሑፍ የጉንዳን እግር ነው። ላዩን አይቶ መገልበጥ አያስተማምንም።

ከግድግዳው ላይ ለማውረድም አትቸኩዪ። ፋይበር ራውተር እንደ ሌላው ዕቃ ጎተት ተደርጎ የሚገለበጥ አይደለም። ከታች ወይም ከጎን የገባው ቀጭን ሽቦ፣ ጫፉ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ የሆነው፣ ውስጡ ብርጭቆ ነው። ስለታም እጥፋት አይወድም። ሲታጠፍ ወይም ጫፉ ሲላላ ራውተሩ ላይ `LOS` የምትለው መብራት ቀይ ሆና ብልጭ ድርግም ማለት ትጀምራለች። ያኔ ፓስወርድ ፍለጋ ቀርቶ ሙሉ መስመሩ ይቋረጣል። ሽቦውን አትንቀዪው፤ ከነቀልሽውም ጫፉን በዓይንሽ ትክ ብለሽ አትዪው፤ የሚያልፍበት የማይታይ ሌዘር ነው።

የሚሻለው ስልክሽን ማሾለክ ነው። ካሜራውን ክፈቺ፣ ስልኩን ከራውተሩ ጀርባ ወይም ከሥሩ አስገቢና አንሺ። ስቲከሩ የሚያብረቀርቅ ስለሆነ ፍላሽ ፊት ለፊት ሲያርፍበት ነጭ ብቻ ነው የሚወጣልሽ። ፍላሹን አጥፍተሽ በሌላ ስልክ ባትሪ ከጎን አብሪለት፤ ወይም ስልኩን ትንሽ አዘንብዪው። ፊደሉ እስኪጠራ ደጋግመሽ አንሺ። ከዚያ ፎቶውን በጣትሽ አሳድጊው። መድረሻ ከሌለው ብቻ ራውተሩን በሁለት እጅ ይዘሽ ቀስ ብለሽ ወደ ላይ ግፊው፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ብሎን ላይ ተንጠልጥሎ ነው። ሽቦው ላይ ክብደት እንዳያርፍ አንድ ሰው ይደግፍልሽ። አቧራ ካለበት በደረቅ ጨርቅ ብቻ ጥረጊ። በአልኮል ከጠረግሽው ጽሑፉ አብሮ ሊነሳ ይችላል።

አሁን ፎቶውን አሳድገሽ እያየሽ ነው እንበል። በምሳሌያችን ላይ ያለውን `Rt5B8Sz0` እዪው። ሆን ብዬ አስቸጋሪ ነው ያደረግሁት። ሦስተኛው 5 ነው ወይስ S? አራተኛው B ነው ወይስ 8? መጨረሻው ዜሮ ነው ወይስ ኦ? ትንሿ z ትልቅ Z ወይም 2 ብትሆንስ? በተጨማሪ ትንሿ l፣ ትልቋ I እና ቁጥር 1 እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። እንደ እውነቱ ከሆነ ከጠያቂዎቼ ብዙዎቹ ትክክለኛውን መስመር አግኝተውም እዚህ ላይ ይሳሳታሉ።

በግምት ከመሞከር ይልቅ ማነጻጸር ይሻላል። ስቲከሩ ላይ ያሉት ጽሑፎች ብዙ ጊዜ በአንድ ዓይነት ፊደል ነው የሚታተሙት። `S/N` ከሚለው ቃል ላይ S ምን እንደሚመስል እዪ፤ ከፓስወርዱ ጋር አስተያዪው። `192.168` ላይ 8 እና 1 አሉልሽ። በ`IP` ላይ I አለ። ዜሮን ከ`192.168.100.1` ውስጥ ታገኚዋለሽ፤ ከኦ ይልቅ ቀጠን ይላል። እንዲህ ስታደርጊ የሚቀርሽ ጥርጣሬ አንድ ወይም ሁለት ፊደል ነው። ሌላም ፍንጭ አለ። በፓስወርዱ ውስጥ ያሉት ፊደሎች ሁሉ ከA እስከ F ብቻ ከሆኑ፣ ከ0 እስከ 9 እና ከA እስከ F ባሉት 16 ምልክቶች ብቻ የሚጻፍ ቁጥር ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ውስጥ ኦ የሚባል ፊደል የለም፤ ክቡ ነገር ሁሉ ዜሮ ነው።

ስትጽፊ ደግሞ ስልኩ የራሱን ሥራ እንዳይሠራብሽ ተጠንቀቂ። የአማርኛ ኪቦርድ ላይ ከሆንሽ ወደ እንግሊዝኛው ቀይሪ። የመጀመሪያዋን ፊደል በራሱ ትልቅ የሚያደርግ ኪቦርድ አለ። ቃል ጠቁሞ መጨረሻ ላይ ባዶ ቦታ የሚጨምርም አለ፤ ባዶ ቦታም እንደ ፊደል ይቆጠራል። ከሳጥኑ ጎን ያለችውን የዓይን ምልክት ተጫኚ። የጻፍሽው ይታይሻል፤ ከፎቶው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዪው።

ስቲከሩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ካሬ፣ ማለትም ኪውአር ኮድ፣ ካለም በስልክሽ ካሜራ ሞክሪው። ሁሉም ለዋይፋይ አይደለም፤ አንዳንዱ መለያ ቁጥሩን ብቻ ነው የያዘው። የዋይፋይ ከሆነ ስልኩ ራሱ «ይህን ኔትወርክ ልቀላቀል?» ብሎ ይጠይቅሻል። ጽሑፉን ብቻ የሚያሳይ ስካነር ካለሽ እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦

```
WIFI:T:WPA;S:HUAWEI-2.4G-a7Kd;P:Rt5B8Sz0;;
```

ከ`S:` ቀጥሎ ያለው ስሙ ነው፤ ከ`P:` ቀጥሎ ያለው ፓስወርዱ። ይህን ካገኘሽ የ5 እና የS ክርክር አበቃ።

ይህን ሁሉ አድርገሽ እምቢ ካለሽ ችግሩ ያንቺ ዓይን አይደለም። ስቲከሩ አርጅቷል። ማለቴ፣ ስቲከሩ የሚነግርሽ ራውተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ሲቀይረው ወረቀቱ አይቀየርም። ያስገባው ባለሙያ ቀይሮት ይሆናል። ካንቺ በፊት የነበረ ተከራይ ጎረቤት እንዳይገባበት ቀይሮት ይሆናል። አከራይሽ ራሳቸው ቀይረውት ረስተውትም ይሆናል።

ይህን ለማወቅ ስሙን ተመልከቺ። ራውተሩን ስትነቅዪ የጠፋው ስም ስቲከሩ ላይ ያለው ካልሆነ፣ ለምሳሌ የሰው ስም ወይም የቤት ቁጥር ከሆነ፣ ሰው ገብቶ ነክቶታል። ስሙን የቀየረ ሰው ብዙ ጊዜ ፓስወርዱንም ይቀይራል፤ ስቲከሩ ላይ ብዙ አትድከሚ። ስሙ እንደ ፋብሪካው ሆኖ ፓስወርዱ ብቻ የተቀየረም ያጋጥማል። ይኼኛው ነው ሰውን የሚያደክመው፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር ልክ ይመስላል።

እንዲህ ከሆነ ቀላሉ መንገድ ለአከራይሽ በቴሌግራም ወይም በኢሞ መደወል ነው። የድሮ ስልካቸው ወይም ላፕቶፓቸው ፓስወርዱን አሁንም ሳይዘው አይቀርም። አይፎን ከሆነ፣ ሲስተሙ 16 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ የድሮዎቹ ኔትወርኮች ዝርዝር ላይ ፓስወርዱን ያሳያል። ዊንዶውስ ላፕቶፕ ከሆነ፣ ያ ቤት ሲገቡ ይጠቀሙበት የነበረው፣ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ ይህን ይጻፉ፦

```
netsh wlan show profile name="HUAWEI-2.4G-a7Kd" key=clear
```

በስሙ ቦታ የራሳችሁን ኔትወርክ ስም ያስገቡ። ከሚመጣው ውስጥ `Key Content` የሚለው ፓስወርዱ ነው። ላፕቶፑ ውጭ አገር ሆኖም ይሠራል፤ የሚያነበው ከራሱ ማህደር እንጂ ከራውተሩ አይደለም። ኮምፒውተሩ በእሳቸው ካልተከፈተ ግን አይሆንም፤ አንቺ ከዚህ ልታዪው አትችዪም።

ሌላው መንገድ ሁለተኛው በር ነው። የኔትወርክ ኬብል ካለሽ፣ አንዱን ጫፍ ራውተሩ ላይ `LAN` ከሚሉት ቀዳዳዎች በአንዱ፣ ሌላውን ላፕቶፕሽ ላይ ሰኪ። በኬብል ስትገቢ የዋይፋይ ፓስወርድ አያስፈልግም። ብራውዘር ክፈቺና ስቲከሩ ላይ ያለውን `192.168` ብሎ የሚጀምር አድራሻ ጻፊ። ያኔ ነው ስቲከሩ ላይ ያለው `User Name` እና `Password` የሚጠቅመው። ከገባሽ `WLAN` ወይም `Wi-Fi` በሚለው ገጽ ላይ አሁን ያለውን ስምና ፓስወርድ ታያለሽ፤ ፓስወርዱ በነጥብ ከተሸፈነ የሚገልጥ ምልክት ከጎኑ አለ። ካልገለጠልሽ አዲስ ጻፊበትና አስቀምጪው፤ ይህ ሪሴት አይደለም፣ ሌላ ነገር አይነካም። የራሳቸው ቤት ስለሆነ አስቀድመሽ አከራይሽን አስፈቅጂ።

እዚህም መገደብ አለ። ኢንተርኔት አቅራቢው የሴቲንጉን ፓስወርድ ቀይሮት ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ስቲከሩ ላይ ያለው አይከፍትም። ደጋግመሽ ከተሳሳትሽ ገጹ ለጥቂት ጊዜ ይቆለፋል። ታግሠሽ ጠብቂ፤ በየደቂቃው እየሞከርሽ አታስረዝሚው።

አሁን ሪሴቷ። ቀዳዳው ውስጥ ያለችውን በመርፌ ሳይሆን በጠፍጣፋ ጫፍ፣ ለምሳሌ በወረቀት ማያያዣ ሽቦ፣ ራውተሩ እንደበራ 10 ሰከንድ አካባቢ ብትጫኛት ሁሉም ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። ስቲከሩም እንደገና እውነተኛ ይሆናል። የዋይፋዩ ፓስወርድ ይሠራል። ስልክሽም «ተገናኝቷል» ይላል። ግን ኢንተርኔት ላይኖር ይችላል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ራውተሩ ውስጥ ከዋይፋዩ ፓስወርድ ሌላ፣ ወደ ቴሌኮሙ መስመር የሚገባበት የራሱ የደንበኛ ስምና ፓስወርድ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ይህ ስቲከሩ ላይ የለም። ያስገባው ባለሙያ በእጁ የጻፈው ነው። ሪሴት ሲደረግ አብሮ ይጠፋል። በስልክ መስመር የሚሠሩት የቀድሞዎቹ ራውተሮች ላይ ይህ የተለመደ ነው። ፋይበር ላይ አንዳንዱ ራውተር ቅንብሩን ከመስመሩ ራሱ መልሶ ያወርዳል፤ አንዳንዱ አያወርድም። ያንቺ ከየትኛው እንደሆነ ከውጭ አይታይም። ስለዚህ ከመጫንሽ በፊት አከራይሽ ውሉን በያዙበት ድርጅት መደወል ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994 ነው። መስመሩ በእሳቸው ስም ስለሆነ የአገልግሎት ቁጥሩን ከእሳቸው ተቀብለሽ ያዢ፤ ያለ እሱ ብዙ አትሄጂም። የደንበኛ ስሙንና ፓስወርዱን ካገኘሽ፣ ወይም «ከዚህ እንመልስልሻለን» ካሉሽ፣ ያኔ ተጫኚያት።

በነገራችን ላይ፣ ይህን የሚያነብ በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ያለው ሰው ካለ፣ የሱ ነገር ቀለል ይላል። ስቲከሩ ከሥሩ ነው። ኪስ ውስጥ የምትገባው ባለ ባትሪዋ ከሆነች ደግሞ ብዙ ጊዜ ከባትሪው ሥር ነው፤ ሽፋኑን ከፍቶ ባትሪውን ማውጣት ነው። እዚያ ላይ `IMEI` የሚል ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ይጨመራል፤ እሱም ፓስወርድ አይደለም። ሪሴት ማድረጉም የፋይበሩን ያህል አያሰጋም፤ መስመሩን የሚያገኘው ከሲሙ ነው።

ካልሆነልሽ መልሰሽ ጻፊልኝ። ሦስት ነገር ንገሪኝ፦ ራውተሩን ስትነቅዪ ከዝርዝሩ የጠፋው ስም ምን እንደሚል፣ ስቲከሩ ላይ ከ`Key` ቀጥሎ ስንት ምልክት እንዳለ፣ እና ራውተሩ ላይ `PON` እና `LOS` የሚሉት መብራቶች ምን ዓይነት እንደሆኑ። ፎቶ ከላክሽ የ`Key`፣ የ`Password` እና የ`S/N` መስመሮችን በጣትሽ ሸፍኚ። እኔ የምፈልገው የመስመሮቹን ስም ነው እንጂ ቀጥሎ የተጻፈውን አይደለም።